የቃል ኑዛዜ፣ ተዝካርና ይርጋ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የልማዳዊ ውርስና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩነት

መግቢያ

ኑዛዜ የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። በአንድ በኩል የታመመ ሰው ለነፍስ አባቱ የሚያቀርበው የመጨረሻ የኃጢአት ኑዛዜ ነው፤ በሌላ በኩል ስለ ሀብቱ የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች፣ እነዚህ ሁለት ትርጉሞች በቃሉ ብቻ ሳይሆን በድርጊትም አልተለያዩም። ነፍስን የሚቀበለው ካህን የሀብቱንም ቃል ይሰማል፤ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች በአጠገቡ ተቀምጠው ይመሰክራሉ፤ ከሞት በኋላ ቤተሰቡ የሚመራው በዚያ ቃል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ኑዛዜን ከኃጢአት ኑዛዜ የተለየ ሕጋዊ ተግባር አድርጎ ደንግጎታል፤ የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ ምስክርና የራሱ ቀነ ገደብ አለው። በዚህም ምክንያት በአካባቢው እጅግ የተከበረው የሟች ቃል በፍርድ ቤት ዋጋ የማይኖረው የሚሆንበት ሁኔታ ተፈጥሯል።

ይህ ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው «ልማዱ ሴት ልጅን አያወርስም፣ ሕጉ ግን ያወርሳል» በሚል አጭር አነጋገር ነው። አነጋገሩ ለዚህ አካባቢ ትክክል አይደለም። ልማዱም ሕጉም ወንድና ሴት ልጅን ወራሽ ይላሉ። የሚለያዩት ወራሹ ማን ነው በሚለው ላይ ሳይሆን የሟች ፈቃድ በምን ይታወቃል፣ ከውርሱ ላይ አስቀድሞ የሚከፈለው ምንድን ነው፣ መብትስ እስከ መቼ ሳይጠየቅ ሊቆይ ይችላል በሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው። ሴት ልጅ ድርሻዋን የምታጣው በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መካከል ነው።

የልማዱ መሠረት

የጥንቱ የርስት ሥርዓት መብትን የሚቆጥረው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ወይም እናት ጀምሮ በወንድም በሴትም ሐረግ ነበር። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም፣ በአያቶቹም በኩል ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው ጥናቱ ይህን በሁለቱም ወገን የሚወርድ የዘር ሐረግ በዝርዝር አሳይቷል። ዶናልድ ክራሚ ደግሞ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እስከ 19ኛው አጋማሽ ባለው ዘመን ስለ በጌምድር ሴቶች ሀብትና ሙግት ባቀረበው ጽሑፍ፣ የአካባቢው ሴቶች ባለ ሀብት፣ ወራሽና ተሟጋች እንደ ነበሩ አስረድቷል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የዚያው የበጌምድር ክፍል ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ በኩልም፣ ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ራሳቸውን የቻሉ አንቀጾች አሉት፤ ልጆችንም ከወራሾች ሁሉ ያስቀድማል።

እንግዲህ መርሑ ለሴት ልጅ የተዘጋ አልነበረም። ሆኖም መብት መኖርና በመብት መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ሴት ልጅ ስታገባ በአብዛኛው ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ መሬቱን የሚያርሰው ከአባቱ ቀዬ ያልተነሣው ወንድሟ ነው። ወንድም የእኅቱን ድርሻ ሲያርስ «ነጠቀኝ» አይባልም፤ «ያቆይልኛል» ይባላል። በመከር ጊዜ ጥቂት እህል ይልክላታል፤ ዓመት በዓል ሲሆን ይጠይቃታል፤ ትዳሯ ቢፈርስ ቤቱ መመለሻዋ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኅት ድርሻዋን በወንድሟ እጅ የምትተወው መብቷን ስለማታውቅ ሳይሆን ለክፉ ቀን መጠጊያ እንዲሆናት ነው። በሕግ ዓይን ግን ይህ መተው ዝምታ ነው፤ ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል።

የኑዛዜ ቅርጽና የ500 ብሩ ወሰን

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግና በቃል የሚደረግ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በአንቀጽ 881 መሠረት ተናዛዡ ራሱ ወይም በእርሱ ቃል ሌላ ሰው የሚጽፈው ነው። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና የተጻፈበት ቀን በኑዛዜው ላይ መመልከት አለባቸው፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ይኖርባቸዋል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ከእነዚህ ነጥቦች አንዱ ሲጎድል ኑዛዜው ፈራሽ ሊባል ይችላል። በተለይ የሚዘነጋው «በፊታችን ተነበበ» የሚለው ቃል ነው። አራት ሰዎች ፈርመውበት፣ መነበቡ ግን ያልተገለጸበት ወረቀት ለክርክር የተጋለጠ ነው።

በአንቀጽ 892 የተመለከተው የቃል ኑዛዜ ከአካባቢው ልማድ ጋር በመልኩ ይመሳሰላል። ሞቱ የቀረበ መሆኑ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ይናገራል። ልዩነቱ በይዘቱ ነው። አንቀጽ 893 በቃል ሊነገሩ የሚችሉትን ነገሮች ወስኗቸዋል፤ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት የሚሰጥ ትእዛዝ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ የኑዛዜ ስጦታ፣ እንዲሁም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አሳዳሪነትና ሞግዚትነት የሚመለከት ቃል። ከዚህ ያለፈው አይጸናም። ተናዛዡ ከሕመሙ ድኖ ሦስት ወር ከቆየም የቃል ኑዛዜው ይቀራል።

በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ከአንድ በላይ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ዶሮ ለመግዛት መብቃቱ ያጠራጥራል። ቁጥሩ በሕጉ ላይ እንደ ተጻፈ ስለ ቀረ፣ የቃል ኑዛዜ ለገጠሩ ቤተሰብ የሚጠቅም መሣሪያ መሆኑ በተግባር አክትሟል። የጋይንት ገበሬ በሬውን፣ ቤቱንና የባሕር ዛፍ ተክሉን በቃሉ ሲናዘዝ፣ ነፍስ አባቱና አሥር ሽማግሌዎች ቢሰሙትም ለፍርድ ቤቱ ያለ ኑዛዜ እንደ ሞተ ሰው ይቆጠራል።

ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ውርስ በአንቀጽ 842 መሠረት በቅድሚያ ለልጆቹ ይደርሳል፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ጾታና ዕድሜ ልዩነት አያመጡም፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም አባትነቱ ከታወቀ ከሌሎቹ እኩል ነው። ባል ወይም ሚስት በዚህ ሕግ የልጆች ተወዳዳሪ ወራሽ አይደሉም፤ ከጋራ ሀብቱ ግማሹን የሚወስዱት በጋብቻው መፍረስ እንጂ በውርስ አይደለም። አንቀጽ 3347 ደግሞ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን የተጻፉና ልማዳዊ ደንቦች ሽሯል። ስለዚህ ከሕጉ አንጻር ልማዱ ተወዳዳሪ ሕግ አይደለም፤ ወራሾች ተስማምተው ሲከተሉት ብቻ የሚኖር አሠራር ነው።

ጧሪ ቀባሪና ተዝካር

በልማዱ ውስጥ ወራሽነት ከመወለድ ብቻ አይመነጭም፤ በአገልግሎትም ይጸናል። «ጧሪ ቀባሪ» የሚባለው ልጅ፣ ወላጁን በእርጅናው የረዳ፣ በሕመሙ ያስታመመ፣ ሲሞትም ቀብሮ ተዝካሩን ያወጣ ነው። አባት ቤቱንና የእርሻ በሬዎቹን ለዚህ ልጅ ቢናዘዝ ሽማግሌዎች አድልዎ አይሉትም፤ ሌሎቹ ልጆችም በጋብቻቸው ጊዜ የተሰጣቸው ከብት፣ ማጫው፣ እንደ ድርሻቸው ይታሰባል።

ተዝካር በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ዕዳ ይታያል። በአርባኛው ቀን የሚደረገው መታሰቢያ ለሟች ነፍስ የሚከፈል ነው፤ ሳይከፈል ውርስ መካፈል ነውር ነው። ስለዚህ ከብቱ ተሽጦም ቢሆን አስቀድሞ ተዝካሩ ይወጣል፤ የቀረው ይከፈላል። ተዝካሩን ብቻውን ያወጣ ልጅ ደግሞ ያወጣውን ያህል በውርሱ ላይ ብልጫ እንዳለው ይታመናል።

ሕጉም ከድርሻ በፊት የሚከፈሉ ወጪዎችን በቅደም ተከተል አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው የሟች ቀብር ወጪ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ወጪ ከሟች የኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ አንቀጽ 1025 እንደሚደነግገው የመታሰቢያ ወጪም ከቀብር ወጪ ውስጥ አይቆጠርም። ልማዱ የመጀመሪያ ዕዳ የሚለውን ሕጉ ዕዳ አይለውም። ተዝካሩን ያወጣው ልጅ፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙ በቀር፣ ወጪውን ከውርሱ ላይ ለማስቆረጥ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ለመጦሪያ የደከመበትም ቢሆን፣ ተገቢው ኑዛዜ ካልተጻፈለት፣ ከእኩል ድርሻው በላይ አያገኝም።

በምሳሌ የተደገፈ ስሌት

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የሚከተለው ለማብራሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። በስማዳ የሚኖር፣ ሚስቱ አስቀድማ የሞተችበት አንድ ገበሬ ሦስት ልጆች አሉት። የበኩር ልጁ አግብቶ ወደ ከተማ ሄዷል፤ ሴት ልጁ በሌላ ቀበሌ ትዳር ይዛለች፤ የመጨረሻው ወንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ቀርቶ ያርሳል፣ ይጦራልም። ሀብቱ 120,000 ብር የሚገመት ቆርቆሮ ቤት፣ 80,000 ብር የሚያወጡ ጥንድ በሬዎች፣ 30,000 ብር የምታወጣ አንዲት ላምና በድምሩ 50,000 ብር የሚያወጡ አሥር በጎች ናቸው፤ ጠቅላላው 280,000 ብር ነው። የመሬት ይዞታው ለብቻው ይታያል።

ገበሬው በነፍስ አባቱና በሦስት ሽማግሌዎች ፊት እንዲህ ይናዘዛል፤ ቤቱና በሬዎቹ ለጧሪው ልጅ ይሁኑ፤ ላሚቱ ለሴት ልጄ ትሰጥ፤ በጎቹ ለተዝካሬ ይዋሉ፤ በኩሩ በጋብቻው ጊዜ የተሰጠው ይብቃው። የቀብሩን ወጪ 10,000 ብር ጧሪው ልጅ ይሸፍናል። በልማዱ አከፋፈል የጧሪው ልጅ ድርሻ 200,000 ብር ሲሆን የቀብሩ ወጪ ሲቀነስ 190,000 ይቀረዋል፤ የሴት ልጅ ድርሻ 30,000 ብር ነው፤ በኩሩ ምንም አያገኝም፤ 50,000 ብር ለተዝካር ይውላል።

በሕጉ አከፋፈል ይህ ቃል ከ500 ብር የሚበልጡ ስጦታዎችን ስለያዘና ስላልተጻፈ እንደተነገረው አይፈጸምም። ከ280,000 ብር ላይ የቀብሩ 10,000 ብር ተቀንሶ 270,000 ብር ለሦስት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 90,000 ብር ይደርሳል። ሦስቱም ወራሾች የተዝካሩ ወጪ ከጋራ ሀብት ይነሣ ብለው ከተስማሙ ድርሻው ወደ 73,000 ብር ገደማ ዝቅ ይላል። የሴት ልጅ ድርሻ በልማዱ 30,000፣ በሕጉ 90,000 ነው ማለት ነው። ጧሪው ልጅ በበኩሉ ከልማዱ ወደ ሕጉ ሲሻገር 100,000 ብር ያጣል፤ ለዓመታት የደከመበትን የአባቱን ቤትም ሸጦ እስከ መካፈል ሊደርስ ይችላል።

ምሳሌው ሕጉ ሁልጊዜ ፍትሐዊ፣ ልማዱ ሁልጊዜ አድሏዊ መሆኑን አያሳይም። ጧሪው ልጅ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠርቷል፤ ሕጉ ይህን ድካም በዝምታ ያልፈዋል። የሚያሳየው ነገር ሌላ ነው። ያው አባት ያንኑ ፈቃዱን አራት ምስክሮች ባሉበት አስጽፎ፣ አስነብቦና አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ክፍል ሊጸና ይችል ነበር። እዚያም ላይ ግን ወሰን አለ። ልጅን ከውርስ መንቀል በግልጽ መነገርና ምክንያቱም በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ ሌላውን ሁሉን ወራሽ አድርጎ መጥቀስ ብቻ ልጅን አይነቅልም። ሳይነቀል ድርሻው ከሩብ በላይ የተጎዳ ተወላጅም ክፍፍሉን መቃወም ይችላል። በምሳሌው ውስጥ ያለችው ሴት ልጅ ከሚደርሳት ሁለት ሦስተኛውን ስላጣች፣ በጽሑፍ በተደረገ ኑዛዜም ላይ ቢሆን የምታነሣው ክርክር ይኖራታል።

የማያረጅ ርስትና የሚያረጅ ክስ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የልማዱን የጊዜ ግንዛቤ ጠቅልሎ ይዟል። በልማዱ የዘር መብት ይተኛል እንጂ አይሞትም። እኅት ሃያ ዓመት ሳትጠይቅ ብትቆይ መብቷ አያልፍባትም፤ ልጇም መጥቶ «የእናቴን ድርሻ» ሊል ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ከዚህ ተቃራኒ የሆነ የጊዜ ልክ አለው። የወራሽነት ጥያቄ የሚቀርብበት ክስ፣ ከሳሹ መብቱንና የውርሱ ሀብት በተከሳሹ መያዙን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሟች ከሞተ ወይም ከሳሹ በመብቱ ሊሠራበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ በማናቸውም ሁኔታ ይታገዳል። ሕግ አውጪው ከዚህ የ15 ዓመት ገደብ ውጭ ያደረገው ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ሀብትን ብቻ ነው። ይህ ልዩ ሁኔታ የጥንቱ የርስት አስተሳሰብ በዘመናዊው ሕግ ውስጥ የተወው ዱካ ነው ሊባል ይችላል።

እዚህ ላይ ተመራማሪ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ የክርክር መጋጠሚያ አለ። እኅት ወንድሟን ስትከስ ነገሩ በሁለት መልክ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ወንድሟ የጋራ ወራሽ ሆኖ ያልተከፋፈለ ሀብት ለሁለቱም ይዟል የሚል ነው። የጋራ ወራሾች ሀብቱ እስኪከፋፈል ድረስ በአንድነት ባለመብቶች ስለሆኑ ጥያቄው የክፍፍል ጥያቄ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ወንድሟ ለራሱ ብቻ ይዞ መብቷን ክዷል የሚል ነው፤ ይህ ወደ አንቀጽ 1000 ይመራል። ልማዱ ራሱ «ያቆይልኛል» ሲል የመጀመሪያውን መልክ ይደግፋል። ይሁን እንጂ ይህን የሚያሳይ ጽሑፍ ስለማይኖር ማስረጃው የሰው ምስክርና የእህል መላክ ልማድ ብቻ ነው። ወንድሙ ከዓመታት በኋላ «አባቴ ለእኔ ተናዞልኛል» ሲል፣ ለሕጉ ዋጋ የሌለው የቃል ኑዛዜ ለብቻው ይዞ መቆየቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ሆኖ ይመለሳል። ልማዱን አምና የታገሠችው እኅት በዚያው ትዕግሥቷ በሕግ ትረታለች።

የተኛው መብት መቼ ይነቃል? በአራት አጋጣሚዎች። አንደኛው እኅት ከትዳሯ ስትፈታ ወይም ባሏ ሲሞትባት ነው፤ ወደ አባቷ ቀዬ ተመልሳ መኖሪያ ትሻለች። ሁለተኛው ወንድም ሲሞት ነው፤ ለሚስቱና ለልጆቹ «አደራ» የሚባለው ነገር የማያውቁት ታሪክ ነው። ሦስተኛው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ስም ሲዞር ነው፤ አራተኛው መሬቱ ለልማት ተወስዶ ካሣ ሲከፈልበት ነው። በአራቱም ጊዜ የወንድምና የእኅት ግንኙነት ያቆየው ስምምነት ወደ ቁጥርና ወደ ወረቀት ይለወጣል።

የመሬቱ ሕግ ሦስተኛ ድምፅ

የእርሻ መሬት ጉዳይ ከቤትና ከከብት ይለያል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ የሚወረሰው የመጠቀም መብት እንጂ የባለቤትነት መብት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ የመሬት ውርስ በዋነኛነት የሚመራው በመሬት ሕጎቹ ነው።

እነዚህ ሕጎች ከፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ከመወለድ በተጨማሪ አብሮ መኖርንና ማረስን ይመለከታሉ። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባለ ይዞታው መብቱን ለቤተሰቡ አባላት እንዲያወርስ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል ያለው ከባለ ይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነበር። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998 ደግሞ መብቱ በግብርና ለሚተዳደር ወይም ለመተዳደር ለሚፈልግ ሰው እንዲተላለፍ፣ ኑዛዜውም ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅና የትዳር ጓደኛን እንዳያገልል ደንግጎ ነበር። ሁለቱም አዋጆች ከጊዜ በኋላ ተተክተዋል፤ የክልሉ በአዋጅ ቁጥር 252/2009፣ የፌዴራሉ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016። ይሁንና አንድ ሙግት የሚታየው ውርሱ በተከፈተበት ጊዜ በነበረው ሕግ ስለሆነ የቀድሞዎቹ አዋጆች ዛሬም ከመዝገብ አልወጡም።

ውጤቱ አስገራሚ ነው። በቤትና በከብት ላይ የመንግሥት ሕግ ከልማዱ ሲርቅ፣ በመሬት ላይ ግን ወደ ልማዱ ይጠጋል። ከአባቱ ጋር ኖሮ ያረሰው ልጅ በልማዱ «ጧሪ»፣ በመሬት ሕጉ «የቤተሰብ አባል» ይባላል። በሌላ ቀበሌ ያገባች ሴት ልጅ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እኩል ወራሽ፣ በልማዱ የተኛ መብት ባለቤት፣ በ456/1997 አነጋገር ግን ከቤተሰብ አባልነት ልትወጣ የምትችል ናት። በአንድ ሟች ውርስ ላይ አንዲት ሴት ሦስት ዓይነት ደረጃ ይኖራታል። ጥብቅና የሚቆምላት ሰው የትኛውን ሀብት በየትኛው ሕግ እንደሚጠይቅ ካልለየ፣ በከብቱ የምታሸንፍበትን ክርክር ከመሬቱ ጋር ቀላቅሎ ያጣዋል።

የፈቃድ ጥያቄ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል፣ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሕግ ታውቀዋል። በአካባቢው የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ተስማምተው ከቀረቡ ውርሳቸው በእስልምና ሕግ ይታያል፤ በዚህ ሕግ የሴት ልጅ ድርሻ በመርሕ ደረጃ የወንድሟ ግማሽ ነው። ከወራሾች አንዱ ካልተስማማ ግን ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ውርስ ይህን የመሰለ በሕግ የተቋቋመ የሃይማኖት ፍርድ ቤት የለም። ነፍስ አባትና ሽማግሌ የሚያስፈጽሙት በግዝትና በሽምግልና ኃይል ነው፤ የመጨረሻ ማስፈጸሚያቸው የአባት ቃል መጣስ የሚያመጣው ኅፍረትና እርግማን ነው።

አንቀጽ 35(7) ደግሞ ሴቶች በመሬት አጠቃቀም ከወንዶች እኩል መሆናቸውንና በውርስ እኩልነት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለቱ አንቀጾች የሚገናኙት «ፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ልማዱ የሚጸናው በወራሾች ስምምነት ከሆነ፣ ያ ስምምነት ምን ያህል ነጻ ነው? በአርባው ተዝካር ላይ፣ በነፍስ አባትና በሽማግሌዎች ፊት፣ «ላሚቱ ትበቃኛለች» የምትል እኅት ተስማምታለች ሊባል ይችላል። ወንድሟን ብትከስ መጠጊያዋን የምታጣ መሆኑ ሲታሰብ ግን ፈቃዷ ከሌላ ስሌት ጋር የተያያዘ መሆኑ ይታያል። ይህን ስሌት የማይቆጥር ጥናት ዝምታን እንደ እሺታ ይመዘግባል።

ለጥናት የሚጠቅም የአካሄድ ማስታወሻ

የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገቦች የሚያሳዩት የፈረሰውን ስምምነት ነው፤ ሳይከራከሩ የተካፈሉትን አያሳዩም። የወራሽነት ማስረጃ የወሰዱትን ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። ምክንያቱም በርካታ ቤተሰቦች ይህን ማስረጃ የሚያወጡት ደብተር ለማዞር ወይም ካሣ ለመቀበል ሲገደዱ እንጂ አባታቸው በሞተ ጊዜ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ልማዱና ሕጉ መለያየታቸውን ለማወቅ አራት ነገሮችን ማነጻጸር ይበቃል፤ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ስም፣ መሬቱን የሚያርሰው ሰው፣ እህሉ የሚከፋፈልበት ሁኔታና ተዝካሩን ያወጣው ሰው። አራቱ በአንድ ሰው ላይ ሲያርፉ ልማዱ ሙሉ በሙሉ ሠርቷል። ደብተሩ የእኅትን ስም ይዞ አራሹና እህሉን የሚያስቀረው ወንድም ከሆነ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ልማዱ በማሳው ላይ ናቸው። እህሉ ለእኅት በቋሚነት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ «ያቆይልኛል» የሚለው አነጋገር እውነተኛ ይዘት አለው ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሁለት የተለያዩ የወራሽ ዝርዝሮች አልተጋጩም። የተጋጩት ሁለት የመታመኛ መንገዶች ናቸው። ልማዱ የሟችን ፈቃድ በነፍስ አባት ፊት በተነገረ ቃል፣ መብትንም በማያረጅ ዝምድና ያምናል። ሕጉ የሟችን ፈቃድ በተነበበና በተፈረመ ወረቀት፣ መብትንም በጊዜው በቀረበ ክስ ያምናል። በመካከሉ የሚጎዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ልማዱን አምና የቆየች እኅት፣ ሌላው የአባቱን ቃል አምኖ የጦረ ልጅ።

የሁለቱንም ጉዳት የሚያቃልለው እርምጃ አነስተኛ ነው። የቃሉ ሥርዓት ሳይፈርስ በዚያው ስፍራ ወደ ጽሑፍ ሊገባ ይችላል፤ ቃሉ ይጻፍ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ መነበቡና ቀኑ ይጠቀሱ፣ ይፈረም። ወንድም የእኅቱን ድርሻ የሚያርስ ከሆነም ይህንኑ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ሁለቱ ይፈራረሙ። በቃል ኑዛዜ ላይ የተጣለው የ500 ብር ወሰን ግን በቤተሰብና በሽማግሌ የሚስተካከል አይደለም፤ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነውን ይህን ቁጥር መመርመር የሕግ አውጪው ሥራ ነው።